ፌሮው የት ነው ያለው? ለመካሪዬ የጻፍኩት ደብዳቤ

(ለጀማሪ የስትራክቸር መሐንዲሶች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)

እንደምን አመሻችሁ። የተጋበዝኩት በሙያ መካሪ ስለ መመራት እንድናገር ነው። ስለ መካሪነት በደፈናው ከማወራ፣ ለእኔ መካሪ የጻፍኩትን የምስጋና ደብዳቤ ባነብላችሁ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ደብዳቤው ደርሷቸዋል። ለእናንተ እንዳነበውም ፈቅደውልኛል። ስሜን አትጥሪ ስላሉኝ ግን አልጠራም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሕንፃ ሲነድፉና ሲያሠሩ የኖሩ መሐንዲስ ናቸው፤ እኔም ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሳይት የረገጥኩት በእሳቸው ሥር ነው።

ደብዳቤው ትንሽ ሜትርና ሚሊ ሜትር ይበዛበታል። ይህን ያደረግኩት አስቤበት ነው። «ላደረጉልኝ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ» የሚል ደብዳቤ ለማንም ሊላክ ይችላል፤ ተቀባዩም ደስ ብሎት ያጥፈዋል፣ አበቃ። መካሪ ከሁሉም በላይ ማወቅ የሚፈልገው፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከተናገረው ውስጥ የትኛው ቃል መሬት እንደያዘ ነው። ያንን ደግሞ ከተማሪው በቀር የሚነግረው የለም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትምህርት ላይ የት እንደነበርን፣ ምን እንዳሉኝ፣ ከዚያም ወዲህ ሥራዬ በምን እንደተለወጠ ጻፍኩ። ከሙያው ውጭ ላላችሁ እያቆምኩ አብራራለሁ። ደብዳቤው እንዲህ ይጀምራል።

«ውድ ጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን የምጽፍልዎት ሦስት ነገሮችን ለይቼ ላመሰግንዎት፣ በአንድ ነገር ደግሞ ልከራከርዎት ነው።

የመጀመሪያው የበረንዳው ነገር ነው። እርስዎ ቀኑን ረስተውት ይሆናል። ወደ ውጭ የወጣ የበረንዳ ሶሌታ ሊሞላ ነበር፤ ሚክሰሩ ቆሞ ይጠብቃል። ፌሮውን ከፕላኑ ጋር አብረን አመሳከርን። ዲያሜትሩ፣ ርቀቱ፣ ብዛቱ፣ ሁሉም ልክ ነበር። ፎርማኑ ብዕር አቀበለዎት። እርስዎ ግን አልፈረሙም። ሜትርዎን ከኪስዎ አውጥተው በፌሮው መሃል ወደ ታች ሰደዱና ከፎርምወርኩ ወለል እስከ ላይኛው ፌሮ ለኩ። ከዚያ ሜትሩን ለእኔ ሰጡኝና ‹ብዛቱን አየን፤ አሁን የት እንዳለ እይ› አሉኝ። ጠርዙ ጋ ስለካው እስከ ፌሮው መሃል 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ እንደ ፕላኑ። ሠራተኞቹ ሲመላለሱበት በነበረው መሥመር ላይ ስለካው ግን 8 ሆነ።»

እዚህ ላይ ላቁም። ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲስቡት ግን ደካማ ነው፤ የመሳብ አቅሙ የመጫን አቅሙን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ፌሮ የምናስገባው ለዚህ ነው፤ የሚሳበውን ወገን እንዲይዝ። በሁለት ግድግዳዎች መካከል የተዘረጋ ሶሌታ ሲጎብጥ የሚሳበው ታችኛው ፊቱ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ፌሮ ታች ይሆናል። በአንድ ጎኑ ብቻ ተይዞ ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ ግን ጫፉ ወደ ታች ሲጎብጥ የሚሳበው ላይኛው ፊቱ ነው። ስለዚህ የበረንዳ ዋና ፌሮ ላይ ነው። ላይ ያለ ፌሮ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚረግጠው ፌሮ ነው።

ያ በረንዳ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ነበር። ፌሮው ከታችኛው ፊት 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቀመጥ፣ ሸክሙን የሚቋቋምበት ክንድ ከዚያ 12 ጋር ይመጣጠናል። ወደ 8 ሲወርድ አቅሙ አንድ ሦስተኛ ያህል ጎደለ ማለት ነው። አንድም ፌሮ ሳይጎድል፣ ሲሚንቶውም ሙሉ ሆኖ ሳለ! ከተሞላ በኋላ ይህን በዓይን ማየት አይቻልም። ምልክቱ ከመጣ የሚመጣው ኋላ ነው፤ በረንዳው ከሕንፃው ጋር በሚገናኝበት መሥመር ላይ፣ በላይኛው ፊት በኩል ስንጥቅ ይወጣል። ያ ቦታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በወለል ንጣፍ የተሸፈነ ነው። ወደ ደብዳቤው ልመለስ።

«ሙሌቱን አስቆሙ። ማንንም አልተቆጡም፤ ይህንንም ልብ ብዬ ነበር። ፌራዮዎቹን ጠርተው ላይኛውን ፌሮ የሚሸከሙ ወንበሮች ከቁርጥራጭ ፌሮ አስጎበጡ፤ ሰው ቢቆምበትም እንዳይሰምጥ አቀራርበው አስደረደሩ። ሠራተኞቹ የሚሄዱበት ጣውላም በፌሮው ላይ ሳይሆን ለብቻው በቆመ እግር ላይ ተዘረጋ። ከዚያ ፈረሙ፤ ፈርመውም አልሄዱም። ኮንክሪቱ እየፈሰሰ ሳለ በየመሃሉ ሜትርዎን እየሰደዱ ሲለኩ አየሁ። ‹ቁጥጥር ፊርማው ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ የተቆጣጠርነው ፌሮው ባዶ ሳለ ብቻ ነው› አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ፕላን ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማደርገው አንድ ነገር ነው። ቁጥር አላይም። እያንዳንዱ አካል ወዴት እንደሚጎብጥ በእርሳስ በስሱ እሥላለሁ፤ የሚሳበውን ወገን ምልክት አደርጋለሁ፤ ከዚያ ፌሮው እዚያ ወገን መሆኑን አያለሁ። ብዛት የማየው ኋላ ነው። ራሴ በምነድፈው ፕላን ላይ ደግሞ ‹ላይኛው ፌሮ በሚገባ ይደገፍ› የሚል ማስታወሻ ብቻ ጽፌ አላልፍም። የወንበሩን ቁመት፣ ዲያሜትሩንና ርቀቱን ሥዬ እሰጣለሁ፤ ከፌሮው ዝርዝርም ውስጥ ይገባል። ዝርዝር ውስጥ የሌለ ነገር አይገዛም፤ ካልተገዛም አይሠራም። የእኔን ፕላን ይዘው የሚሠሩ ሰዎች ወንበሩን ከየት እንደተማርኩት አያውቁም። እርስዎ እንዲያውቁት ፈለግኩ።

ሁለተኛው የውሃው ነገር ነው፤ ሥራዬን ከሁሉም በላይ የለወጠው ይህ ነው።»

ስለ ውሃ ትንሽ ልበል። ኮንክሪት የሚጠነክረው ደርቆ አይደለም፤ ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ነው። ለውሕደቱ የሚፈለገው ውሃ ግን ለማፍሰስ እንዲመች ከምንጨምረው ያነሰ ነው። ትርፉ ውሃ በኮንክሪቱ ውስጥ ቦታ ይዞ ይቆያል፤ ሲወጣም ቦታው ባዶ ይቀራል። ደፍ አብራምስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1918 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው ሥራው የኮንክሪትን ጥንካሬ ከምንም በላይ የሚወስነው የውሃና የሲሚንቶ ጥምርታ መሆኑን አሳይቷል፤ ዛሬም የምንሠራው በዚያው ነው። በአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ውስጥ 350 ኪሎ ሲሚንቶና 175 ሊትር ውሃ ቢኖር ጥምርታው 0.50 ነው። ሳይት ላይ አንድ ሰው «ትንሽ ይለስልስ» ብሎ 25 ሊትር ቢጨምር 0.57 ይሆናል። ቁጥሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ጥንካሬው ግን ከአሥር በመቶ በላይ ይወርዳል፤ ኮንክሪቱም ውሃና አየር ይበልጥ የሚያሳልፍ ስለሚሆን ፌሮው ቶሎ ይዝጋል።

ይህን ማንኛውም ተማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። የማላውቀው ሌላ ነበር።

«ቢሙ ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሙሌት ሊጀመር ነበር። ፎርማኑ ውሃ ይጨመር አሉ። እኔ ‹አይቻልም› ለማለት አፌን ስከፍት እርስዎ ቀደሙኝና ‹ለምን ፈለጉት?› ብለው ጠየቁ። ሰውየው መልስ ነበራቸው። ‹ይምጡና ይዩት ጋሼ፣ አይገባም እኮ! ጠጠሩ ላይ ይቀራል› አሉ። ወጥተን አየነው። እውነታቸውን ነበር።»

የነበረው እንዲህ ነው። የቢሙ ስፋት 25 ሴንቲ ሜትር ነው። በሁለቱም ጎን 2.5 ሴንቲ ሜትር የኮንክሪት ሽፋን ይቀነሳል፤ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው የስታፋ ውፍረትም በሁለቱም ጎን 8 ሚሊ ሜትር ይቀነሳል፤ ለፌሮ የቀረው 184 ሚሊ ሜትር ነው። በኮለኑ ላይ ስድስት ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፌሮ በአንድ ረድፍ ተደርድሯል። ስድስቱ ፌሮዎች ብቻቸውን 120 ሚሊ ሜትር ይወስዳሉ። የቀረው 64 ለአምስት ክፍተቶች ሲካፈል እያንዳንዱ 13 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያውም ፌሮ የተሸበሸበ ስለሆነ እውነተኛው ውፍረት ከስሙ በሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይበልጣል። ጠጠሩ ደግሞ እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ከትልቁ ጠጠር ቢያንስ በ5 ሚሊ ሜትር መብለጥ አለበት ይባላል፤ እዚያ ግን ጠጠሩ ጨርሶ አያልፍም፤ የቫይብሬተሩም ጭንቅላት አይገባም።

እንዲህ ባለ ቦታ ውሃ ሲጨመር የሚያልፈው ጭቃው ነው፤ ጠጠሩ ላይ ይቀራል። ፎርምወርኩ ሲፈታ ከቢሙ ሥር ቀፎ የመሰለ ባዶ ቦታ ይገኛል፤ አንዳንዴም ላዩ አምሮ ባዶው ውስጥ ይቀራል። ይህን ደግሞ ኪዩብ አይነግራችሁም። ኪዩብ 15 በ15 በ15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሳጥን ውስጥ፣ ፌሮ በሌለበት፣ በደንብ ተጠቅጥቆ፣ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ በ28 ቀን የሚሰበር ነው። ሚክሰሩ ያመጣውን ኮንክሪት ይመሰክራል እንጂ በዚያ መጋጠሚያ ውስጥ ያለውን አይመሰክርም። ናሙናው ውሃው ከመጨመሩ በፊት ከተወሰደማ ስለ ተጨመረው ውሃም አይናገርም። ስለዚህ የኪዩብ ውጤት ሲያሳዩአችሁ ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት መቼና ከየት እንደተወሰደ ጠይቁ።

«እርስዎ ‹ውሃ አይጨመርም› አሉ። ፎርማኑን ግን ባዶ እጃቸውን አልሸኟቸውም። ሙሌቱ ከመጋጠሚያው ራቅ ብሎ እንኳ እንዳይጀመር አደረጉ፤ መሃል ላይ ቢቋረጥ አሮጌና አዲስ ኮንክሪት መጥፎ ቦታ ላይ ይገጣጠማሉና። ከዚያ ንድፉን ለሠራው ወጣት መሐንዲስ ደወሉ። ልብ ያልኩት ይህንንም ነው፤ መፍትሔው በእጅዎ እያለ የሌላ ሰው ንድፍ በራስዎ ሥልጣን አልነኩም። ‹ስድስቱ አይገቡም፤ ልኬቱ ይኸው፤ አራቱን በስታፋው ውስጥ ትተን ሁለቱን ወደ ሶሌታው በግራና በቀኝ ብናወጣቸው ምን ትላለህ?› ብለው ጠየቁት። ልጁ አሰላና ተስማማ፤ ሥዕሉንም ፈርሞ ላከው።»

ይህ መፍትሔ ለምን እንደሚሠራ ላስረዳ። ቢሙ በኮለኑ ላይ ሲያልፍ የሚሳበው ላይኛው ወገኑ ነው፤ በዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ ሶሌታው ከቢሙ ጋር አንድ ሆኖ ስለሚፈስ አብሮ ይሠራል። ስለዚህ ከላይኛው ፌሮ ከፊሉ በቢሙ አጠገብ ባለው ሶሌታ ውስጥ ቢቀመጥ ሥራውን ይሠራል፤ የግንባታ ደንቦችም ወሰን አብጅተው ይፈቅዱታል። አብዛኛው ፌሮ ግን በቢሙ ስታፋ ውስጥ መቅረት አለበት። አራት ፌሮ ሲቀር 184 ሲቀነስ 80 እኩል 104 ነው፤ ለሦስት ክፍተት ሲካፈል እያንዳንዱ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ጠጠሩ ያልፋል፤ ቀጭኑ ቫይብሬተርም ይገባል። ሌላው መንገድ ሦስት ሦስት አድርጎ በሁለት ረድፍ መደርደር ነበር። ያ ግን ታችኛውን ረድፍ ዝቅ ስለሚያደርገው እንደ በረንዳው ሁሉ ክንዱን ያሳጥራል፤ እንደገና ማስላትም ይጠይቃል።

«በማግሥቱ ተሞላ። ውሃ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ጋሼ፣ ከዚያ ቀን በፊት ‹ውሃ ጨምሩ› የሚል ሰው ስሰማ ሥራውን የሚያበላሽ ሰው የሰማሁ ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ግን ጥያቄው ራሱ ምርመራ መሆኑን አሳዩኝ። ውሃ የተጠየቀበት ቦታ አንድ ነገር ያልገባበት ቦታ ነው። ፌሮው ተጨናንቋል፣ ወይም ኮንክሪቱ ከሚክሰር ከወጣ ቆይቷል፣ ወይም ፀሐይ በርትቷል፣ ወይም ቫይብሬተሩ ተበላሽቷል። የሁሉም መፍትሔ የተለያየ ነው፤ ማለስለሻ ኬሚካል የሚበቃበት አለ፣ ጠጠሩን ማሳነስ የሚሻልበት አለ፣ የሙሌቱን ሰዓት ወደ ማለዳ ማምጣት የሚያድነው አለ። አንዳቸውም ግን ‹አይቻልም› ብሎ በመሄድ አይገኙም።

ንድፍ ቢሮ ለመግባት የወሰንኩትም በዚያ ሰሞን ነው። ቸግሮ ያየሁት ነገር ሁሉ ከሳይቱ በፊት ወረቀት ላይ የተወለደ እንደነበር ገባኝ። ዛሬ የማንኛውንም ቢምና ኮለን መጋጠሚያ በእውነተኛ ልኩ እሥለዋለሁ፤ ፌሮውን በመሥመር ሳይሆን ከነውፍረቱ፣ ሽብሽቡን ጨምሬ። ስታፋውን እሥላለሁ፤ ከሌላው አቅጣጫ የሚመጣውንም ቢም ፌሮ እሥላለሁ፤ ከዚያ የቫይብሬተሩን ጭንቅላት በክብ ሥዬ በየክፍተቱ አሳልፈዋለሁ። ክቡ ካላለፈ ስሌቱ ልክ ቢሆንም ፕላኑ አልወጣም። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ይህን ‹የጋሼ ክብ› ይሉታል፤ እርስዎን አንድ ቀን እንኳ አላዩም።»

ሦስተኛው አጭር ነው።

«ሦስተኛው የሳይት መዝገቡ ነው። ‹ሙሌቱ ጥሩ ነበር› ብዬ የጻፍኩትን አንብበው ‹ጥሩ የሚለውን ሌላ ሰው ይበል፤ አንቺ ያየሽውን ጻፊ› አሉኝ። ያየሁት የኮንክሪቱን ልስላሴ የሚያሳየው የስላምፕ ልኬት፣ ሚክሰሩ የደረሰበትና ያበቃበት ሰዓት፣ ኪዩቡ ከየትኛው ጭነት እንደተወሰደና ጭነቱ የት እንደፈሰሰ ነው። ኋላ የአንድ ወለል ኪዩቦች በ28 ቀን ዝቅ ብለው ሲወጡ መዝገቡ ጥርጣሬው ያረፈው በየትኞቹ ሁለት ኮለኖች ላይ እንደሆነ ነገረን። ሙሉ ወለል ሳይሆን ሁለት ኮለን ብቻ ተፈተሸ። ይህንንም ከእርስዎ ነው ያገኘሁት።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ።»

ይህን ክፍል ባላነብ ይሻል ነበር ያሉኝ ጓደኞች አሉ፤ የምስጋና ደብዳቤ ውስጥ ክርክር ምን ይሠራል ብለው። እኔ ግን ባላስገባው ደብዳቤው ሙሉ አይሆንም ነበር። እሳቸው ለምን እንደሆነ የማይገባኝን ነገር እንድሠራ አንድም ቀን አድርገውኝ አያውቁም። የተማርኩትን ይዤ ከእሳቸው ፊት መቆም መቻሌ ራሱ የትምህርቱ ክፍል ነው።

«የበረንዳ ድጋፍ ከጫፍ ወደ ውስጥ ነው የሚፈታው ብለው ያስተማሩኝን እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ሥሩ ያለው ቢፈታ ጫፉ ላይ ያለው ድጋፍ እንደ ምሰሶ ይሆንና ሶሌታው በሁለት ወገን እንደተያዘ ሶሌታ ይሠራል፤ ያኔ የሚሳበው ታችኛው ፊት ነው፤ እዚያ ደግሞ ዋና ፌሮ የለም። በዚህ አንለያይም። የምንለያየው መቼ ይፈታል በሚለው ነው። እርስዎ ቀን ይቆጥራሉ፤ ‹ቀኑ ሳይሞላ አትንኩት› ነው ቃልዎ። እኔ ደግሞ ቀን ብቻውን አይበቃኝም። በብርድ ወራት ኮንክሪት ዘግይቶ ይጠነክራል፤ የሞላው ቀን በሞቃት ወር የሚሰጠውን ጥንካሬ ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ ከመደበኛዎቹ ኪዩቦች ሌላ ጥቂት ጨምሬ ከሶሌታው አጠገብ፣ በዚያው ብርድና በዚያው እርጥበት አስቀምጣለሁ፤ ድጋፉ ከመፈታቱ በፊት እነሱን አሰብራለሁ። ቀኑ ሞልቶ ጥንካሬው ካልደረሰ አይፈታም። ጥንካሬው ደርሶ ቀኑ ካልሞላስ? እዚህ ላይ እርስዎ ‹ይቆይ› እንደሚሉ አውቃለሁ፤ የበረንዳ ከሆነ እኔም እስከ ዛሬ አቆየዋለሁ፤ ሶሌታ እየቆየ የሚጎብጠው ጉብጠት በለጋነቱ ሸክም ሲያርፍበት ይብሳልና። ለመደበኛ ሶሌታ ግን ኪዩቡን አምኜ መፍታት ጀምሬያለሁ።

የሚመጣው ወር መጨረሻ ላይ ሦስተኛውን ወለል እንፈታለን። ጉልበትዎ ከፈቀደ መኪና ልላክልዎትና መጥተው ኪዩቦቹ ሲሰበሩ ይዩ። ካልተስማሙ እዚያው ይንገሩኝ፤ መዝገቡ ላይ የእርስዎም ሐሳብ በስምዎ ይጻፋል።

አክባሪዎ፣
ተማሪዎ።»

መልሳቸው በስልክ መጣ። ስለ ምስጋናው ብዙ አልተናገሩም። «ከሶሌታው አጠገብ ያስቀመጥሻቸው ኪዩቦች ከላይ ተሸፍነዋል ወይስ አልተሸፈኑም?» ብለው ጠየቁኝ። ሶሌታው በእርጥብ ጆንያ ከተሸፈነ እነሱም በዚያው መሸፈን አለባቸው፤ ያለዚያ ትንሽ በመሆናቸው ቶሎ ይደርቃሉ፤ ይበርዳሉም፤ ሶሌታውን አይወክሉም። ተሸፍነዋል አልኳቸው። «እንግዲያው እመጣለሁ» አሉ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ወደ ማይክራፎኑ ቅረቡ።